ቆላና ደጋ የጠፉበት ሰንጠረዥ፦ ስለ «እና» እና «ወይም» ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

> «አንደኛ፣ ‹እና› መደመር ስለሆነ በ‹እና› የተያያዙ ሁለት ያለእኩልነቶች መልሳቸው ይበዛል፤ ‹ወይም› ምርጫ ስለሆነ መልሱ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ‹ወይም› ሲባል ሁለቱንም የሚያሟላ ቁጥር ከመልሱ ይወጣል። ሦስተኛ፣ x < 2 ወይም x > 7 የሚለውን 7 < x < 2 ብሎ ማሳጠር ይቻላል። አራተኛ፣ በኔጌቲቭ ቁጥር ስናካፍል ምልክቱ እንደሚገለበጥ ሁሉ ‹እና›ም ወደ ‹ወይም› ይገለበጣል። አምስተኛ፣ ተማሪ የቁጥር መስመር ሳይስል መልስ መጻፍ የለበትም።»

ይህን የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ልጆች ያስጠናል። «ቲቸር፣ ለልጆቹ ላባዛው ነበር፤ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ። አየሁት። የጻፉት መምህር ለተማሪ አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ቋንቋቸው ግልጽ ነው፣ አይንዛዛም። ችግሩ ከአምስቱ ነጥቦች አራቱ ስህተት መሆናቸው ነው። ስህተታቸው ደግሞ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አማርኛችን ራሱ ወደዚያ ይገፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በተራ ልመልስ።

አንደኛው ነጥብ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የሌሎቹም ሥር እዚሁ ነው።

የማውቃት አንዲት የግብርና ባለሙያ አለች። አንድ ቀን ኃላፊዋ «ቆላና ደጋ ያሉትን ቀበሌዎች ለይተሽ አምጪልኝ» ይላታል። የቀበሌዎቹ ስምና ከፍታ በኤክሴል ተመዝግቧል። ከፍታው ሁለተኛው አምድ ላይ በሜትር አለ። በተለመደው አከፋፈል ከ1500 ሜትር በታች ቆላ ነው። ከ1500 እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ ከ2300 ጀምሮ ወደ ላይ ደጋ ይባላል። ከዚያም በላይ ውርጭ አለ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ውርጩንም ከደጋው ጋር እንቁጠረው። እሷም የተባለችውን ቃል በቃል ጻፈች፦

```
=AND(B2<1500,B2>=2300)
```

ቀመሩን እስከ ታች ጎተተችው። ከላይ እስከ ታች FALSE ሆነ። አንድም ቀበሌ አልተገኘም። ደውላ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። ከአባይ በረሃ ጫፍ እስከ ጮቄ ተራራ ሥር ያሉ ቀበሌዎች የተጻፉበት ሰንጠረዥ ነው። ቆላም ደጋም የሌለበት ሊሆን አይችልም።

ኮምፒውተሩ ደህና ነበር። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። «ከ1500 በታች የሆነ፣ እና ደግሞ ከ2300 የማያንስ ቀበሌ አለ?» ተብሎ ነው የተጠየቀው። አንድ ቀበሌ፣ በአንድ ከፍታ፣ ሁለቱንም መሆን አይችልም። ስለዚህ «የለም» አለ።

ኃላፊዋም አልተሳሳተም። በአማርኛ «ቆላና ደጋ ያሉትን አምጪ» ሲባል ሁላችንም ይገባናል። ቆላ ያሉትንም አምጪ፣ ደጋ ያሉትንም አምጪ ማለት ነው። ገበያ ውስጥ አንዱ ተነስቶ «ማርና ቅቤ ሻጮች በዚህ በኩል ተቀመጡ» ቢል፣ ማር ብቻ የያዘችው ሴት ቅቤ የለኝም ብላ ቆማ አትቀርም። ሄዳ ትቀመጣለች። እዚህ «-ና» ያያያዘው ሁለት የሰዎችን ጎራ ነው። የማር ሻጮች ጎራ አለ፣ የቅቤ ሻጮች ጎራ አለ፣ ሁለቱም ይምጡ ነው ነገሩ። ይሄ በእርግጥ መደመር ነው። መምህሩ ያሰቡትም ይህን «እና» ይመስለኛል።

የሒሳቡ «እና» ግን ጎራ አያያይዝም። አንድ ቁጥር ላይ የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎችን ነው የሚያያይዘው። x > 2 እና x < 7 ሲባል አንድ ቁጥር ይዘን እንመጣና ሁለት ጊዜ እንጠይቀዋለን። «ከ2 ትበልጣለህ?» እንለዋለን። ቀጥለን ያንኑ ቁጥር «ከ7 ታንሳለህ?» እንለዋለን። ለሁለቱም «አዎ» ካለ ብቻ ያልፋል። በ«ወይም» ከሆነ ግን አንዱን «አዎ» ማለቱ ይበቃዋል።

አሁን የቱ እንደሚያበዛ ማየት ቀላል ነው። ሁለት በር ያለው ግቢ አስቡ። በሮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ከሆኑና ሁለቱንም ማለፍ ግድ ከሆነ፣ ሁለተኛው በር የሚጨምረው ሰው የለም። ወይ ሰው ይቀንሳል ወይ ምንም አይለውጥም። ይሄ «እና» ነው። በሮቹ ጎን ለጎን ከሆኑና በፈለጉት መግባት ከተቻለ ደግሞ፣ ሁለተኛው በር ማንንም አያስቀርም። ወይ ሰው ይጨምራል ወይ ምንም አይለውጥም። ይሄ «ወይም» ነው። ስለዚህ የ«እና» መልስ ሁልጊዜ በ«ወይም» መልስ ውስጥ ያለ ነው። በልጦ አያውቅም። እኩል የሚሆኑትም ሁለቱ ያለእኩልነቶች ብቻቸውን ሲፈቱ አንድ ዓይነት መልስ ካላቸው ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ኢንተርሴክሽን፣ ሁለተኛውን ዩኒየን ብለን የተማርነው ይኸው ነው።

ክፍል ውስጥ ይህን በሁለት ጠመኔ ነው የማሳየው። አንድ ልጅ አስነሳለሁ። ሰሌዳው ላይ የቁጥር መስመር አለ። 2 ላይ ባዶ ክብ ያደርግና ከዚያ ወደ ቀኝ ያለውን ሁሉ በቀይ ያሰምራል። 7 ላይም ባዶ ክብ አድርጎ ከዚያ ወደ ግራ ያለውን ሁሉ በቢጫ ያሰምራል። ከ2 እስከ 7 ባለው መካከል ቢጫው ቀዩ ላይ ይደረብና ብርቱካን ይመስላል። ያ የተደረበው ቦታ የ«እና» መልስ ነው። ለ«ወይም» ደግሞ ማንኛውም ቀለም የነካው ቦታ ይቆጠራል። እዚህ መስመሩ ላይ ቀለም ያልነካው ቦታ የለም። ስለዚህ x > 2 ወይም x < 7 መልሱ ቁጥር ሁሉ ነው።

አሁን ምልክቶቹን እናዟዙር፦ x < 2 እና x > 7። ቀዩ ከ2 ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቢጫው ከ7 ወደ ቀኝ ይሄዳል። አይገናኙም። የተደረበ ቦታ የለም። መልሱ ባዶ ስብስብ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ሰንጠረዥ ላይ የደረሰው ይህ ነው። በ«ወይም» ቢሆን ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ይኖሩን ነበር። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱበትም አለ። x > 2 እና x > 7 ከሆነ የሚቀረው x > 7 ብቻ ነው፤ ጠንካራው ያሸንፋል። x > 2 ወይም x > 7 ከሆነ x > 2 ነው፤ ልል የሆነው ያሸንፋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ ይስተዋል። «ወይም» ካለ መልሱ ሁልጊዜ ሁለት ቁራጭ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። አይደለም። አንድ ቁራጭም፣ መላው መስመርም ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዋ ቀመሩን እንዲህ ቀየረችው፦

```
=OR(B2<1500,B2>=2300)
```

ቀበሌዎቹ ተዘረዘሩ። አማርኛው «-ና» ይላል፣ ቀመሩ OR ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለተማሪዎቼ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የቃል ጥያቄ ስታነቡ «እና» የሚለውን ቃል አይታችሁ ብቻ AND አትጻፉ። «ይህ አንድን ቁጥር ሁለቴ መጠየቅ ነው ወይስ ሁለት ጎራ መጥራት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዕድሜያቸው ከ7 በታች እና ከ60 በላይ የሆኑ አይከፍሉም» የሚል ማስታወቂያ ሁለት ጎራ መጥራት ነው፤ በሒሳብ a < 7 ወይም a > 60 ተብሎ ይጻፋል። «ዕድሜው ከ18 በላይ እና ከ35 በታች የሆነ ያመልክት» ደግሞ አንድን ሰው ሁለቴ መጠየቅ ነው፤ a > 18 እና a < 35 ነው። ቃሉ ያው «እና» ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ

እዚህ መምህሩ «ወይም»ን ከ«ወይስ» ጋር ያደባለቁት ይመስለኛል። አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል ስላለው ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን።

እንግዳ መጥቶ «ሻይ ወይስ ቡና?» ስንለው አንዱን ይምረጥ ማለታችን ነው። «አዎ» ብሎ ቢመልስ ግራ ይገባናል። ወይስ ምርጫ ይጠይቃል። «መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዛችሁ ኑ» ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱንም ይዞ የመጣ ሰው «አንዱን ብቻ ነበር ያልንህ» ተብሎ ከበር አይመለስም። እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ የተዘጋጀው እሱ ነው። «ወይም» ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ይፈልጋል። ሁለቱንም አይከለክልም። የሒሳቡ «ወይም» ይኸኛው ነው። ከ«ወይስ» ጋር ዘመድ ቢመስልም ሥራው ለየቅል ነው። «ወይ ግባ ወይ ውጣ» የምንለውም ወደ «ወይስ» የሚያደላ ነው፤ እሱም ለዚህ አይሆንም።

የመምህሩን ሕግ ተከትለን x < 7 ወይም x > 2 የሚለውን ብንፈታ ምን ይደርሳል? ሁለቱንም የሚያሟሉት በ2 እና በ7 መካከል ያሉት ናቸው። እነሱን አውጥተን እንጥላለን። የሚቀረን x ≤ 2 ወይም x ≥ 7 ይሆናል። አሁን 5ን እንሞክር። 5 ከ7 ያንሳል? አዎ፣ ያንሳል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ እውነት ሆኗል፤ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። 5 ግን ከመልሱ ተጥሏል። እውነት የሆነ ቁጥር ከመልሱ ከወጣ መልሱ ተሳስቷል ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ ቁጥር ሁሉ ነው።

ይህ ስህተት አንዳንዴ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ለዚህ ነው የሚያሰጋኝ። x < 2 ወይም x > 7 ላይ ሁለቱን የሚያሟላ ቁጥር ከመጀመሪያውም የለም። ስለዚህ የሚጣል ነገር የለም። በተሳሳተውም ሕግ ትክክለኛ መልስ ይመጣል። ተማሪው አሥር እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሠርቶ አሥሩንም ያገኛል። አሥራ አንደኛው ላይ ሁለቱ መልሶች ሲደራረቡ ይወድቃል። ለምን እንደወደቀም አያውቅም። መምህራን መልመጃ ስትሰጡ የሚደራረቡትንም ጨምሩ። ስህተቱ ብቅ የሚለው እዚያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ

7 < x < 2 የሚለውን ከፍተን እናንብበው። 7 ከ x ያንሳል፣ እና x ከ2 ያንሳል ይላል። ሰንሰለቱ ውስጥ የተደበቀው ቃል «እና» ነው። ሁልጊዜም «እና» ነው። «ወይም» በሰንሰለት አይጻፍም።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። 7 ከ x ካነሰ፣ x ደግሞ ከ2 ካነሰ፣ እንግዲያው 7 ከ2 ያንሳል ማለት ነው። ይሄ ሐሰት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ x በጭራሽ የለም። ሁለት ረጃጅም ቁራጮች የነበሩት መልስ አንዴ ሲያጥር ባዶ ሆነ። ተማሪ ሰንሰለት በጻፈ ቁጥር መካከሉን በእጁ ሸፍኖ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ያንብብ። 7 < 2 የሚል ከቀረ ሰንሰለቱ ባዶ ነው። −3 < 4 የሚል ከቀረ ያስኬዳል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ኤክሴል ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያዋም በኋላ ተቸግራበታለች። ወይና ደጋውን ለማውጣት እንደ ሒሳብ ደብተር እንዲህ ጻፈች፦

```
=1500<=B2<2300
```

በወረቀት ላይ ይሄ ትክክለኛ ሰንሰለት ነው። ኤክሴል ግን ሰንሰለት አያውቅም። ከግራ ይጀምርና 1500<=B2 የሚለውን መጀመሪያ ያሰላል። ውጤቱ TRUE ወይም FALSE ነው። ከዚያ ያንን TRUE ወይም FALSE ከ2300 ጋር ያወዳድራል። ኤክሴል ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጡ ተደርገው ነው የሚወዳደሩት። ስለዚህ ከፍታው ምንም ይሁን ምን መልሱ FALSE ነው። የተደበቀውን «እና» አውጥቶ መጻፍ ግድ ነው፦

```
=AND(B2>=1500,B2<2300)
```

አራተኛው ነጥብ

መምህሩ እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ አስረዋቸዋል። መጀመሪያ ስህተቱን በምሳሌ እንየው፣ ከዚያ «እና» በእርግጥ ወደ «ወይም» የሚቀየርበትን ቦታ አሳያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ አለና።

ይህን እንውሰድ፦

−3 < 5 − 2x ≤ 11

ከሦስቱም ቦታ 5 እንቀንሳለን፦

−8 < −2x ≤ 6

አሁን ሦስቱንም በ−2 እናካፍላለን። ሁለቱም ምልክቶች ይገለበጣሉ፦

4 > x ≥ −3

ከትንሹ ጀምረን ስንጽፈው −3 ≤ x < 4 ይሆናል። x ከ−3 አያንስም፣ እና ከ4 ያንሳል። «እና» ቦታው ላይ ነው። ማካፈሉ የነካው እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻው ነው። ሁለቱን የሚያያይዘውን ቃል አልነካም፤ የሚነካበትም ምክንያት የለም። ከመጀመሪያውም ሁለቱም ይሟሉ ነው የተባለው። እያንዳንዱን ወደ ሌላ መልክ ስንቀይረው አሁንም ሁለቱም መሟላት አለባቸው።

መምህሩ እንዳሉት «ወይም» ብናደርገው x < 4 ወይም x ≥ −3 ይመጣል። ይሄ ቁጥር ሁሉ ነው። 10ን እንሞክረው። 5 − 2 × 10 = −15። −15 ከ−3 ይበልጣል? አይበልጥም። 10 መልስ አይደለም፤ በእሳቸው መንገድ ግን ገብቷል። 0ን ደግሞ እንሞክር። 5 − 0 = 5፤ ከ−3 ይበልጣል፣ ከ11 አይበልጥም። 0 መልስ ነው። ከመልሱ ውስጥ አንድ፣ ከውጪ አንድ ቁጥር መሞከር ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ከውስጥ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ስህተት አያገኘውም ነበር፤ 0 በሁለቱም መንገድ ያልፋላ።

ታዲያ «እና» ወደ «ወይም» የሚቀየረው መቼ ነው? ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ «አይደለም» ስንለው ነው። ማካፈልና መካድ የተለያዩ ናቸው። ማካፈል ያንኑ መልስ በሌላ መልክ ይጽፋል። መካድ መልሱን ትቶ የቀረውን ሁሉ ይወስዳል።

ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህን በቆዳው ያውቀዋል። ደጀን ላይ ጃኬት የለበሰው ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ እጅጌውን ሰብስቦ ውሃ ይፈልጋል። ድልድዩ ያለበት ሸለቆ 1000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቆላ ነው። ደብረ ማርቆስ 2400 ገደማ ነው፤ ደጋ ነው። የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4000 ያልፋል። ባሕር ዳር 1800 ገደማ ነች፤ ወይና ደጋ። አንድ ቦታ ወይና ደጋ እንዲባል ከ1500 ማነስ የለበትም፣ እና ከ2300 ማነስ አለበት፦

h ≥ 1500 እና h < 2300

ወይና ደጋ ያልሆነው ቦታስ? ወይና ደጋ ላለመሆን ሁለቱንም መስፈርት መውደቅ አያስፈልግም። አንዱን መውደቅ ይበቃል። የአባይ ሸለቆ የመጀመሪያውን ወደቀ፤ ከ1500 ያንሳል። ጮቄ ሁለተኛውን ወደቀ፤ ከ2300 ይበልጣል። ሁለቱም ወይና ደጋ አይደሉም፤ የወደቁበት በር ግን ይለያያል። ስለዚህ፦

h < 1500 ወይም h ≥ 2300

ሁለት ነገር ተቀይሯል። እያንዳንዱ ያለእኩልነት ተክዷል፤ «አያንስም» የነበረው «ያንሳል» ሆነ፣ «ያንሳል» የነበረው «አያንስም» ሆነ። «እና»ም «ወይም» ሆነ። ይህን ሕግ ያወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ደ ሞርጋን ነው ይባላል፤ በስሙም ይጠራል። መምህሩ «ይገለበጣል» ሲሉ ይህ ትዝ ብሏቸው ከማካፈሉ ጋር ተቀላቅሎባቸው ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ጫፎቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 1500 ራሱ ወይና ደጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ የወይና ደጋው ሥዕል ላይ 1500 የተሞላ ክብ አለው፣ 2300 ባዶ ክብ አለው። የተካደው ሥዕል ላይ ግልባጩ ነው፤ 1500 ባዶ፣ 2300 የተሞላ። አንድ ቁጥር ሁለቱም ጋ ሊሆን ወይም ከሁለቱም ሊጠፋ አይችልም። ብዙ ተማሪ h > 2300 ብሎ ይጽፍና እኩል የሚለውን ይረሳዋል። 2300 ሜትር ላይ ያለች ቀበሌ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ወይና ደጋም አይደለች፣ ከወይና ደጋ ውጪም አይደለች።

ይህን የማወቂያ መንገድ ለባለሙያዋ አሳይቻታለሁ። ለሙከራ ስድስት ከፍታ ብቻ ጻፍን፦ 1180፣ 1460፣ 1500፣ 1850፣ 2300 እና 2750። ጫፎቹን 1500 እና 2300 ሆን ብለን ነው ያስገባናቸው። በAND ወይና ደጋውን ስናወጣ ሁለት አገኘን፤ 1500 እና 1850። በOR ከወይና ደጋ ውጪ ያለውን ስናወጣ አራት ሆነ። ሁለትና አራት ስድስት ነው፤ ሞላ። ከዚያ እሷው B2>=2300 የሚለውን B2>2300 አድርጋ ሞከረችው። ሦስት ወጣ። ሁለትና ሦስት አምስት። አንድ ቀበሌ ጠፋ። ጣቷን 2300 ላይ አድርጋ «ይቺ ናት» አለች። ሰንጠረዡ ስድስትም ይሁን ስድስት መቶ፣ ውስጥና ውጪው ተደምሮ ጠቅላላውን ካልሰጠ ጫፍ ላይ ስህተት አለ። ድምሩ ከጠቅላላው ከበለጠ ደግሞ አንዱ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

አምስተኛው ነጥብ

በዚህ እስማማለሁ። ልጆች መስመሩን መሳል ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል፤ ግን «እና»ን ከ«ወይም» የሚለይ ዓይን የሚሠራው እዚያ ነው። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱን ያለእኩልነቶች በአንድ መስመር ላይ በአንድ እርሳስ አያሰምሩ። ወይ ሁለት ቀለም ይጠቀሙ፣ ወይ አንዱን ከመስመሩ በላይ ሌላውን ከመስመሩ በታች ያሰምሩ። በአንድ እርሳስ ከተሰመረ የተደረበው ካልተደረበው አይለይም። ሥዕሉ ሁሌ የ«ወይም» መልስ ይመስላል።

ለቀድሞ ተማሪዬም ይህንኑ ነገርኩት። አምስተኛውን እንዳለ አባዛው፤ አራቱን ተው፤ በምትካቸው x < 7 ወይም x > 2 የሚለውን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፍና 5 ይገባል ወይስ አይገባም ብለህ ልጆቹን አከራክራቸው አልኩት። ማታ ደውሎ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር ነገረኝ። አንዲት ልጅ ተነስታ «ሁለቱንም አዎ ማለቱ ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀች አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቆመ።